እግሬን በምላጭ ከላጨሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው፣ አሁን ብርድ ልብሱ ሁሉ ይወጋኛል

ባለሳይክሉ_ጠባሴ | ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ሳይክል መንዳት ከጀመርኩ ሶስት ዓመት አልፎኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ጣርማበር እሄዳለሁ፣ ጉልበቱ ካለኝ ደግሞ ደብረ ሲና ወርጄ እመለሳለሁ። አምና ቁልቁለቱ ላይ ጠጠር አንሸራቶኝ ወደቅኩና ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ተላጠ። ቁስሉ ራሱ ያን ያህል አልነበረም። ያሰቃየኝ ፕላስተሩ ነው። በየሁለት ቀኑ ሲቀየር ጸጉሬን አብሮ ይነቅለዋል፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ እጠብቃለሁ። ሳይክል ነጂዎች እግራቸውን ለምን እንደሚላጩ የገባኝ ያኔ ነው።

እና ከዘጠኝ ቀን በፊት እኔም ተላጨሁ። ሁለቱንም እግሬን ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን አጋማሽ፣ እጄንም ከክርን በታች። የመጀመሪያው ቀን ደስ ይላል፣ ሱሪ ስለብስ ጨርቁ እግሬ ላይ ሲንሸራተት ከዚህ በፊት የማላውቀው ስሜት ነበር። በሶስተኛው ቀን ማሳከክ ጀመረኝ። በአምስተኛው ቀን ማታ መተኛት አቃተኝ። የምለብሰው የመንዝ ባና ነው፣ የበቀለው ጸጉር ሱፉን እየያዘ እግሬን ባዞርኩ ቁጥር ሺህ መርፌ የነካኝ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ጭኔ ላይ፣ የሳይክል ቁምጣዬ ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ወደ ሃያ የሚጠጉ ትናንሽ እብጠቶች ወጥተዋል። ሲነኩ ያማሉ። ሶስት አራቱ ጫፋቸው ላይ ነጭ ነገር ይዘዋል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። መልሼ ልላጨው ወይስ ልተወው? ሁለተኛ፣ እናቴ «አንዴ ምላጭ ከነካው እንደ ሽቦ ሆኖ ነው የሚበቅለው» ትለኛለች። እውነት ነው?

መሐል_ሜዳ21 | ማክሰኞ ማታ

እናትህ ልክ ናቸው። እኔ ጢሜን መላጨት ስጀምር እንደ በቆሎ ጸጉር የለሰለሰ ነበር። አሁን አምስት ዓመት ሆነኝ፣ ጥቁርና ወፍራም ሆኗል። ምላጭ ያወፍራል፣ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው።

እብጠቱ ግን የሳሙና አለርጂ ነው የሚመስለኝ። ሳሙና ቀይር፣ በሁለት ቀን ይጠፋል።

ጋሽ_ቁልቁለት | ማክሰኞ ማታ

ልጄ አይዞህ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እግሬን ስላጭ ያንተ ዓይነት እብጠት ስንቴ እንደወጣብኝ ቁጥሩን አላውቀውም። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን የተላጨህበትን አኳኋን ንገረኝ። በምን ዓይነት ምላጭ ነው? ስንት ሰዓት ላይ? ውሃው ሙቅ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ? ምን ቀባህ? ምላጩን የጎተትከው ወደታች ነው ወደላይ? ከተላጨህ በኋላስ ምን ለበስክ፣ ወዴት ሄድክ? ከእነዚህ አንዱ ነው ያመመህ። ምናልባትም ሁሉም።

ባለሳይክሉ_ጠባሴ | ረቡዕ ጠዋት

ጋሼ አመሰግናለሁ። እንዳለ ልጻፈው።

እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ግቢ ውስጥ፣ ከባልዲ በቀዳሁት ውሃ። ውሃው አልሞቀም። የጠባሴን ጠዋት ታውቀዋለህ፣ እግሬ ሁሉ ሽፍ ብሎ ነበር። የቀባሁት የገላ ሳሙና ነው። ምላጩ ባለ ሶስት ስለት የጢም መላጫ ነው፣ አዲስ ነበር፣ ግን ሁለቱንም እግርና ሁለቱንም እጅ በዚያው ጨረስኩ። መጀመሪያ ወደታች ላጨሁ። ሻካራ ስለቀረብኝ ቆዳዬን በግራ እጄ ወጥሬ ወደላይ ደገምኩት። ከዚያ ቁምጣዬን ለብሼ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣሁ፣ ጣርማበር ደርሼ ተመለስኩ። ከቤት ስወጣ ብርድ ነበር፣ ስመለስ ግን በላብ ረጥቤ ነበር።

ጋሽ_ቁልቁለት | ረቡዕ ጠዋት

በል እንግዲህ፣ አገኘነው።

መጀመሪያ ብርዱ። ቆዳ ሽፍ ሲል እያንዳንዱ ጸጉር የበቀለበት ቦታ ጉብ ይላል። ምላጩ ጸጉሩን ብቻ ሳይሆን ያቺን ጉብታም ጫፏን ቀንሶ ያልፋል። በዓይን አይታይም፣ ግን እያንዳንዷ ትንሽ ቁስል ናት። እኔ ደብረ ብርሃን ስኖር ጠዋት ተላጭቼ አላውቅም። ማታ ገላዬን በሙቅ ውሃ ታጥቤ፣ እግሬ ሲሞቅና ጸጉሩ ውሃ ጠጥቶ ሲለሰልስ፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቆይቼ ነው ምላጭ የማነሳው።

ሁለተኛ፣ ቆዳህን ወጥረህ ወደላይ መላጨትህ። ይሄ ነው ዋናው ጥፋት። ቆዳ ሲወጠር ጸጉሩ ትንሽ ተስቦ ይወጣል፣ ትቆርጠዋለህ፣ ቆዳውን ስትለቀው የተቆረጠው ጫፍ ወደ ውስጥ ይገባል። ባለ ሶስት ስለቱ ደግሞ ያንኑ ያባብሰዋል፣ የፊተኛው ስለት ጸጉሩን ይጎትተዋል፣ የኋላው ዝቅ አድርጎ ይቆርጠዋል። ለዚያ ነው መጀመሪያ ቀን እንደ ብርጭቆ የለሰለሰው። ችግሩ ጸጉሩ እንደገና ሲያድግ መንገዱን ከቆዳ በታች ነው የሚጀምረው።

ሶስተኛ፣ በዚያው ሰዓት ጠባብ ቁምጣ ለብሰህ ያን ሁሉ መንገድ ነዳህበት። የቁምጣው ላስቲክ አዲስ የተላጨ ቆዳ ላይ ስንት ሺህ ጊዜ እንደፈተገ አስበው። እብጠቱ በትክክል ላስቲኩ ጋ የወጣው ለዚህ ነው።

ሳሙና ያልከው ልጅ ግማሽ ልክ ነህ። የገላ ሳሙና ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ማሳከኩን ያባብሰዋል። አለርጂ ቢሆን ግን ሳሙናው የነካው ቦታ ሁሉ ላይ ይወጣ ነበር፣ ባትም ክንድም ላይ። የሱ የወጣው አንድ መስመር ላይ ነው።

መሐል_ሜዳ21 | ረቡዕ

ስለ አለርጂው ይሁን። የጢሜን ነገር ግን ማን ያስረዳኝ? በፊት ቀጭን ነበር፣ አሁን ወፍራም ነው። በመሃል ያለው ምላጭ ብቻ ነው።

ሲስተር_ሸዋሮቢት | ረቡዕ ከሰዓት

በመሃል ያለው ምላጭ ብቻ አይደለም ወንድሜ፣ አምስት ዓመት ዕድሜም አለ። በ17 እና በ22 ዓመት መካከል የማንም ወንድ ጢም ይወፍራል፣ ቢላጭም ባይላጭም። ይሄ ነገር በፈረንጆች 1928 ጀምሮ ጢማቸውን የሚላጩ ሰዎች ጸጉር እየተሰበሰበ ተለክቷል። ውፍረቱም ፍጥነቱም አልተለወጠም። ምላጭ የሚነካው ከቆዳ በላይ ያለውን ነው። ጸጉር የሚሠራው ሥሩ ላይ ነው፣ ሥሩ ደግሞ ምላጭ መኖሩንም አያውቅም።

ግን የባለሳይክሉን እናት ውሸታም አላደርጋቸውም። በእጃቸው ሲነኩት እንደ ሽቦ ነው፣ እውነታቸውን ነው። ያልተነካ ጸጉር ጫፉ እንደ እርሳስ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ስትነካው ይተኛል። ምላጭ መሃሉ ላይ፣ ወፍራሙ ጋ ነው የሚቆርጠው። ጫፉ ጠፍጣፋ ይሆናል። በዚያ ላይ አጭር ስለሆነ አይታጠፍም። አንድ ረጅም የሣር ዘንግ ነፋስ ያጎነብሰዋል፣ የታጨደ ማሳ ላይ የቀረው አጭር ጉቶ ግን በባዶ እግር አያስረግጥም። ሣሩ አንድ ነው።

የእግር ጸጉር የሚያድገው በሳምንት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ከሶስተኛው ቀን እስከ አስረኛው ቀን ያለው ነው መጥፎው፣ ለመውጋት ይበቃል፣ ለመተኛት አይበቃም። ሶስተኛ ሳምንት ላይ መተኛት ይጀምራል።

አሁን ወደ እብጠቱ። ጋሽ ቁልቁለት መንገዱን በደንብ አሳይቷል። የእኛ ጸጉር ደግሞ የተጠማዘዘ ነው። ከቆዳ በታች የተቆረጠ ጥምዝ ጸጉር ሲያድግ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ጎኑን ይወጋና እዚያው ይቀራል። ወይም ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። ሰውነት እንደ እሾህ ነው የሚያየው፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። ባለሳይክሉ፣ በጥሩ ብርሃን እብጠቶቹን አስተውላቸው። ከቆዳው ሥር ጥቁር ክብ መስመር ወይም ቀለበት የመሰለ ነገር ካየህባቸው ወደ ውስጥ የበቀለ ጸጉር ነው።

ባለሳይክሉ_ጠባሴ | ረቡዕ ማታ

ሲስተር አየሁት። የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁ፣ ሰባቱ ላይ ጥቁር መስመር ከቆዳው ሥር ይታያል። አንዱ እንደ ኮማ ጥምዝ ብሏል። በመርፌ ላውጣው?

ሲስተር_ሸዋሮቢት | ረቡዕ ማታ

በመርፌ አትነካካው! ክሊኒክ ከሚመጡብን ግማሾቹ ቤታቸው በመርፌ ሲቆፍሩ ያባሱት ናቸው።

እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ መላጨት አቁም፣ ቢያንስ ለአራት ሳምንት። ይወጋኛል ብለህ መልሰህ ብትላጨው ከዜሮ ትጀምራለህ። ጸጉሩ በረዘመ ቁጥር የታጠፈው እንደ ስፕሪንግ ራሱን እየሳበ ይወጣል፣ አብዛኛው በዚህ ብቻ ይድናል። ማታ ማታ ንጹህ ጨርቅ በምትችለው ሙቅ ውሃ ነክረህ አስር ደቂቃ ያዝበት። ከዚያ በዚያው ጨርቅ በቀስታ ክብ እያደረግህ እሸው፣ ሳትፈትግ። የጸጉሩ እጥፋት ከቆዳው በላይ ቀስት ሆኖ ከታየህ ብቻ በአልኮል የተጠረገ ወረንጦ በእጥፋቱ ሥር አሳልፈህ አንሳው። አትንቀለው። ከነቀልከው ተተኪውም በዚያው ጠማማ መንገድ ነው የሚመጣው።

ነጭ ለያዙት መድኃኒት ቤት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት ቅባት ጠይቅ። ቀጭን አድርገህ ማታ ቀባ። ግን ተጠንቀቅ፣ ጨርቅ ያነጣል። ባናህ ላይ ከነካ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል።

ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ቦታው ከሞቀና ካበጠ፣ ትኩሳት ከተሰማህ ወይም ብሽሽትህ ላይ እጢ ከመጣ አንድ ቀን አትጠብቅ፣ ወደ ሐኪም ሂድ። ያ ጸጉር መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው።

እብጠቱ ከጠፋ በኋላ ጠቋቁር ምልክት ይቀራል፣ ወራት ሊቆይ ይችላል። አትደንግጥ።

የአንኮበር_ልጅ | ሐሙስ

እኔም የጸጉር ችግር አለብኝ። ከፊት እየሳሳ ነው፣ ገና 26 ዓመቴ ነው። እዚህ ጸጉር መልሶ ስለሚበቅልበት ነገር እያወራችሁ ስለሆነ ነው የጠየቅኩት። በምላጭ ደጋግሞ መላጨት ያበዛዋል የሚሉኝ አሉ። እውነት ከሆነ ልሞክረው።

ሲስተር_ሸዋሮቢት | ሐሙስ

ወንድሜ እዚህ የምናወራው ስለ እግር ጸጉር ነው፣ ግን መልሱ አንድ ነው። ምላጭ አያወፍርም ካልን አያበዛም ማለት ነው። ከፊት የሚሳሳው ከሥሩ ስለሆነ መላጨት አይመልሰውም። የቆዳ ሐኪም ብታማክር ይሻልሃል፣ በጊዜ ሲጀመር የሚያግዝ መድኃኒት አለ።

ዋናተኛዋ | ሐሙስ ማታ

እኔ ትውልዴ ደብረ ሲና ነው፣ አሁን አዲስ አበባ ነኝ፣ በሳምንት አራት ቀን እዋኛለሁ። የእጅ ጸጉር ነገር ስላልተነሳ ልናገር።

ዋና ላይ መላጨት ከሳይክል ይለያል። ዓመቱን ሙሉ አንላጭም። ለትልቅ ውድድር ብቻ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረን ነው የምንላጨው። ምክንያቱ ጸጉሩ ብቻ አይደለም። ምላጩ የሞተውን የላይ ቆዳም ይዞ ይሄዳል፣ ከዚያ ውሃ ስትገባ እጅህ ውሃውን ይሰማዋል። ክንዴ ላይ ውሃው ሲያልፍ እንደ ቀዝቃዛ ሐር ነው፣ ጣቶቼ መሃል የሚያመልጠኝን ውሃ ሁሉ አውቀዋለሁ። ይሄ ስሜት አንድ ሳምንት አይሞላም፣ ይደበዝዛል። ሁልጊዜ የሚላጭ ሰው ይለምደዋልና አያገኘውም። በፈረንጆች 1989 የወጣ አንድ ጥናት ላይ የተላጩ ዋናተኞች ግድግዳ ረግጠው ሲንሸራተቱ ፍጥነታቸው የሚቀንሰው ቀስ ብሎ ነበር። እኔም ከግድግዳው ስወጣ ነው ልዩነቱ የሚታወቀኝ።

መልሶ ሲበቅል ግን ክንድ ከእግር ይለያል። ጸጉሩ ቀጭን ስለሆነ እብጠት ብዙም አያወጣም። የሚያስቸግረው ሹራብ ነው። በአራተኛው ቀን ሹራብ ስለብስ እጅጌው ክንዴ ላይ ይያዛል፣ ሳወልቅ ወደኋላ ይፈትገኛል። ጠረጴዛ ላይ ክንዴን ሳሳርፍ እንኳን ይታወቀኛል። ለስላሳ የጥጥ ልብስ ከውስጥ መልበስ ነው መፍትሔው።

በተላጫችሁበት ቀን ክሎሪን ያለበት ገንዳ አትግቡ። አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ እግሬ በሙሉ በርበሬ የተነሰነሰበት ነው የመሰለኝ። ሌሊቱን ካደረ ይሻላል።

ቶንዶስ_ቤት | ዓርብ ጠዋት

ፀጉር አስተካካይ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የሚገርመኝ ማንም ቶንዶስ አለማንሳቱ ነው።

ወንድሜ የፈለግከው ፕላስተሩ ጸጉርህን እንዳይዝ ነው አይደል? ለዚያ ብርጭቆ የለሰለሰ እግር አያስፈልግህም። ቶንዶስ ያለ ማበጠሪያው፣ ምላሱን ብቻ ቆዳህ ላይ አስተኝተህ ከነዳኸው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን የማይሞላ ጸጉር ነው የሚቀረው። ጫፉ ከቆዳ በላይ ነው፣ ወደ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ትንሽ ነው። አንገታቸው ላይ እብጠት የሚወጣባቸውን ደንበኞቼን ሁሉ ምላጭ አስትቼ ወደ ቶንዶስ ያመጣኋቸው በዚህ ነው፣ ብዙዎቹ ድነዋል። እግርም ቆዳ ነው።

ደረቅ ጸጉር ላይ ነው የሚሠራው፣ ውሃ አያስፈልግም። ለደብረ ብርሃን ብርድ ይሄም ጥቅም ነው። ሁለት እግር በሩብ ሰዓት ያልቃል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ጋ ቀስ በል፣ አጥንት ላይ ቶንዶሱ ዘሎ ይነክሳል። የራስህ ቶንዶስ ይሁን። ፀጉር ቤት ከሆነም ምላሱ በአልኮል ሲጠረግ በዓይንህ እይ። ምላጭማ ከማንም ጋር አትጋራ፣ ወንድምህም ቢሆን። በማይታይ ደም የጉበት ቫይረስም ኤችአይቪም ሊተላለፍ ይችላል።

ጋሽ_ቁልቁለት | ዓርብ

የቶንዶሱ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ለጀማሪ እኔም እሱን ነው የምመክረው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ስትወድቅ ቁስል ውስጥ የሚገባው አስፋልት፣ አቧራና ጸጉር ነው። አንድ ሚሊ ሜትርም ቢሆን ጸጉር ቁስሉ ውስጥ ይጣበቃል፣ ሲታጠብ ያስቸግራል። በ20 ዓመት ውስጥ አራቴ ክፉኛ ወድቄአለሁ። በምላጭ በተላጨ እግር የወደቅኩት በፍጥነት ጸድቷል። ማሳጅ ለሚያደርግም ዘይቱ ያለ ጸጉር ነው የሚመቸው፣ አጭሩ ጸጉር ሲታሽ ወደ ኋላ እየተነቀለ እብጠት ያመጣል።

እኔ እስከ ዛሬ በምላጭ ነኝ። ባለ አንድ ስለት፣ ማታ፣ በሙቅ ውሃ፣ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ብቻ። አልወጥርም። አልደግምም። ትንሽ ሻካራ ይቀራል፣ ይቅር። ግሊሰሪን በውሃ አቅጥኜ እቀባና ሰፊ ቱታ ለብሼ አድራለሁ። በማግስቱ አልነዳም።

ቶንዶስ_ቤት | ዓርብ

ጋሼ በእርስዎ ቆዳ ይሆናል። የእርስዎ ጸጉር 20 ዓመት ለምዶታል። በዓመት አንዴ ለሚወድቅ ሰው ግን በየሳምንቱ መቁሰል ምን ይባላል? እኔ አልስማማም።

ሰላድንጋይ_ሯጭ | ዓርብ ማታ

ሴት ነኝ፣ እሮጣለሁም ሳይክል እነዳለሁም። ምላጭ ትቼ በስኳርና በሎሚ ከሆነልኝ ሁለት ዓመቴ ነው። አንድ ብርጭቆ ስኳር፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ትንሽ ውሃ፣ እንደ ማር እስኪሆን ይፈላል፣ ለብ ሲል ይለጠፋል፣ ይነቀላል። ያማል። ግን ከሥሩ ስለሚነቀል ሶስት ሳምንት ያስቆየኛል፣ ሲመጣም ጫፉ ያልተቆረጠ አዲስ ጸጉር ስለሆነ አይወጋም። እንደ ሕፃን ጸጉር ነው። ባና ምናምን አይዝም።

ጉዳቱ ይሄ ነው፦ ጸጉሩ ቢያንስ አንድ ሩዝ ፍሬ ያህል እስኪረዝም መጠበቅ አለብኝ፣ ስለዚህ ከወሩ ግማሹን ጸጉራም ነኝ። ወደ ውስጥ የሚበቅለውም አልጠፋም፣ ቀንሷል እንጂ። አዲሱ ጸጉር ቀጭን ስለሆነ ቆዳውን መብሳት የሚያቅተው አለ።

ባለሳይክሉ አሁን እንዳትሞክረው፣ እብጠት ባለበት ቆዳ ላይ አይሆንም።

መሐል_ሜዳ21 | ቅዳሜ

እሺ ስለ ውፍረቱ ሲስተር አሳምናኛለች። ቆይ ግን የሳይክሉ ፍጥነትስ? እግር መላጨት ነጂውን ያፈጥናል ይላሉ። ስንት?

ጋሽ_ቁልቁለት | ቅዳሜ

እሱ ላይ ሰው አልተስማማም። በፈረንጆች 1987 በነፋስ መሿለኪያ ሲለካ ልዩነቱ በ40 ኪሎ ሜትር አምስት ሴኮንድ አካባቢ ነው ተባለ። በ2014 አንድ የሳይክል አምራች በራሱ መሿለኪያ ጥቂት ነጂዎችን ለክቶ ወደ አንድ ደቂቃ ነው አለ። የሁለቱ ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። የመጀመሪያው የተለካው በአሻንጉሊት እግር ላይ ነው ይባላል፣ ሁለተኛው በሰው፣ ግን ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። እኔ ሰዓት ይዤ ጣርማበር ድረስ ስንቴ ሞክሬዋለሁ፣ የጠዋቱ ነፋስ ከጸጉር በላይ ስለሚለዋወጥ ምንም ማለት አልችልም። ለፍጥነት ብዬ አልተላጨሁም፣ ለቁስል ነው።

ባለሳይክሉ_ጠባሴ | ከአራት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ

ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ሲስተር እንዳለችው አልተላጨሁም። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ባናውን ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቼ ጋቢ ለብሼ ተኛሁ፣ ከጋቢው ሥር ደግሞ ቀጭን ሱሪ። ይሄ ብቻውን ማሳከኩን በግማሽ ቀነሰው። በሙቅ ጨርቁ ሶስተኛው ቀን ላይ ኮማ የመሰለው ጸጉር በራሱ እጥፋቱን አውጥቶ ታየኝ። በእጥፋቱ ሥር ወረንጦ አሳልፌ ሳነሳው ወጣ፣ ሳየው ከቆዳ በታች የነበረው ወደ ሶስት ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያን ሁሉ ተጠምዝዞ ነው ያደገው! በማግስቱ እብጠቱ ተኛ። ሌሎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ ጠፉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ መንዳት አላቆምኩም፣ ግን በሰፊ ቁምጣ ነበር፣ ላስቲክ በሌለው። ከተመለስኩ ወዲያው እታጠባለሁ።

አሁን ጸጉሩ ይተኛል። እናቴ ነካችውና «ይሄማ የድሮው ነው» አለች። ሳየውም የድሮው ነው፣ ርዝመቱ ብቻ ገና ነው፣ አንዳንዱ ረዝሟል፣ አንዳንዱ እንዳጠረ ቀርቷል።

ትናንት ማታ በቶንዶስ ተቆረጥኩ። ከጉልበት በታች ብቻ፣ ጭኔን አልነካሁም። ዛሬ ጠዋት ጣቴን ሳሳልፍበት ሻካራ ነው፣ ግን አይወጋም። እብጠት የለም። ማሳከክ እስካሁን የለም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ቁምጣው ላስቲክ ጋ ሶስት ጠንካራ ነገሮች ከቆዳው ሥር ቀርተዋል። አያሙም፣ ጸጉርም አይታይባቸውም። ሲነኩ እንደ ምስር ፍሬ ናቸው።

ሲስተር_ሸዋሮቢት | እሁድ ማታ

አንዳንዱ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፣ በወራት ይለሰልሳል። አንዳንዱ ግን ውስጡ ከረጢት ሠርቶ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ በራሱ አይጠፋም። ሳላየው መለየት አልችልም። ከፍ እያለ ከሄደ ወይም ማመም ከጀመረ ለሐኪም አሳየው። እስከዚያው አትጭመቀው።

ባለሳይክሉ_ጠባሴ | እሁድ ማታ

እሺ ሲስተር፣ አልጨምቀውም። በሳምንቱ መጨረሻ ሸዋ ሮቢት ድረስ ለመውረድ አስቤአለሁ፣ ከደረስኩ ሐኪም አሳያለሁ።

ጋሽ_ቁልቁለት | እሁድ ማታ

ሸዋ ሮቢት ከሆነ ውረድ፣ ግን መልሱን በመኪና ና፣ ያ አቀበት በአንድ ቀን ለአንተ ይበዛል። ደግሞ ታች ሙቀት ነው፣ ላብ ይበዛል። ሰፊውን ቁምጣ ያዝ።

ሰላድንጋይ_ሯጭ | ሰኞ ጠዋት

ቶንዶሱ ስንት ቀን እንዳስቆየህ ግን መጥተህ ንገረን። እኔ ስሞክረው በአምስተኛው ቀን ካልሲዬን መያዝ ጀምሮ ነበር። የኔ ጸጉር ወፍራም ስለሆነ ይሁን አላውቅም።